ከፖምፔ ዓምድ እስከ አምስቱ ቅንዋት

በደቡብ ኢጣልያ፣ ከቬሱቪየስ ተራራ ግርጌ የነበረችው ፖምፔ በ79 ዓ.ም. በእሳተ ገሞራ አመድ ተቀበረች (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አመዱ ሰውን ገደለ፣ ግድግዳውን ግን ጠበቀ። የፖምፔ ሰዎች ደግሞ ግድግዳ ላይ መጻፍ ይወዱ ነበር። የምርጫ ቅስቀሳው፣ ስድቡ፣ የፍቅር ቃሉ ሁሉ እንደተጻፈ ቀረ። አንዱ አፍቃሪ የወዳጁን ስም ደብቆ፣ ቁጥሯ 545 የሆነችውን እንደሚወድ ብቻ ጭሮ ሄዷል። በግሪክኛ እያንዳንዱ ፊደል ቁጥርም ስለሆነ የስሟን ፊደላት ደምሮ ነው 545 ያገኘው። ልጅቷን የሚያውቅ ይገባዋል፤ ለማያውቃት ግን 545 ሌላ ብዙ ስምም ሊሆን ይችላል። ስም ወደ ቁጥር በቀላሉ ይሄዳል፤ ቁጥሩ ግን ወደ አንድ ስም ብቻ ተመልሶ አይመጣም።

በዚያችው ከተማ፣ ከትልቁ የትግል ሜዳ አጠገብ ወጣቶች ስፖርት የሚሠሩበት ሰፊ ግቢ ነበር። ከግቢው ዓምዶች በአንዱ ልስን ላይ ማንነቱ የማይታወቅ ሰው አምስት የላቲን ቃላት ጫረ። አምስቱም ባለ አምስት ፊደል ናቸው፤ አንዱ ከሌላው በታች ተደርድረው አራት ማዕዘን ሠርተዋል። እያንዳንዱን የላቲን ፊደል በአንድ የግዕዝ ፊደል ብንተካው እንዲህ ይሆናል፦

ር ኦ ት አ ስ
ኦ ፕ ኤ ር አ
ት ኤ ን ኤ ት
አ ር ኤ ፕ ኦ
ስ አ ት ኦ ር

ከግራ ወደ ቀኝ ሲያነቡት ሮታስ፣ ኦፔራ፣ ቴኔት፣ አሬፖ፣ ሳቶር ይላል። ከላይ ወደ ታች ሲያነቡትም ያው ነው። ከመጨረሻው ፊደል ተነስተው ወደ ኋላ ቢያነቡት፣ ወይም ከታች ወደ ላይ ቢወጡ፣ እነዚያው ቃላት በዚያው ተራ ይመጣሉ። በመካከሉ ቴኔት በቁምም በአግድምም ተጽፎ መስቀል ሠርቷል፤ ከሃያ አምስቱ ፊደላት አንድ ጊዜ ብቻ የምትገኘው «ን»ም መሐል ለመሐል ቆማለች።

ይህን ለመሥራት ምን ያስፈልጋል? አራት ማዕዘኑ ከአራቱም አቅጣጫ እንዲነበብ ከተፈለገ አንድ ፊደል በአንድ ቦታ በተቀመጠ ቁጥር ሌሎች ቦታዎች አብረው ይያዛሉ። ስለዚህ ሃያ አምስት ቤት ቢኖርም ሠሪው በነፃነት የሚመርጠው ዘጠኝ ፊደል ብቻ ነው፤ የቀሩት አስራ ስድስቱ በግዴታ ይከተላሉ። ሮታስ «መንኮራኩሮች» ነው፤ ሲገለበጥ ሳቶር፣ ማለትም «ዘሪ» ይሆናል። ቴኔት «ይይዛል» ማለት ሲሆን ቢገለበጥም ራሱ ነው። ኦፔራ ደግሞ «ሥራ» ነው፤ ተገልብጦ አሬፖ ይሆናል። አሬፖ የሚባል ቃል በላቲን የለም። አንዳንዱ የሰው ስም ነው ይላል፤ ሌላው ከጎል ሰዎች ቋንቋ ከማረሻ ጋር ያዛምደዋል። እኔ ግን አሬፖን የሠሪው ኪሳራ አድርጌ ነው የማየው፤ አራቱን ቃላት ለማቆም ሲል አምስተኛውን ትርጉም አልባ አድርጎ ከፈለ። ይህች አንዲት ባዶ ቃል ባትኖር ኖሮ ሰው ሁሉ «ዘሪው መንኮራኩሮቹን በሥራ ይይዛል» ብሎ አንብቦ ባለፈ ነበር። ትርጉም የሌላት ቃል ስላለች ግን ምሥጢር ሆነ።

በጊዜው ሮማውያን እንዲህ ያለ የቃል ጨዋታ ያውቁ ነበር። በሮም ወደብ በኦስቲያ ሮማ፣ ኦሊም፣ ሚሎ፣ አሞር የሚሉ አራት ቃላት በአራት ማዕዘን ተደርድረው ተገኝተዋል፤ አሞር፣ ማለትም ፍቅር፣ ሮማ ሲገለበጥ ነው። ባለ አምስቱ ግን ከሁሉም ይበልጥ የተሳካ ስለነበር ተጓዘ። በዛሬዋ ቡዳፔስት፣ በጥንቷ አኩዊንኩም፣ በሸክላ ጡብ ላይ ተጭሯል። በብሪታንያ በሳይረንሰስተር ከተማ በግድግዳ ልስን ላይ ተጽፏል። በኤፍራጥስ ዳር፣ በዛሬዋ ሶርያ፣ የሮማ ወታደሮች በሰፈሩባት በዱራ ዩሮፖስ ደግሞ ሠራዊቱ ጽሕፈት ቤት ባደረጋቸው ክፍሎች ግድግዳ ላይ ደጋግመው ጽፈውታል። ዱራን ፋርሶች በ256 ዓ.ም. ገደማ ስላጠፏት ጽሑፉ ከዚያ በፊት የነበረ መሆኑ አያጠያይቅም። በእነዚህ ሁሉ ቦታዎች የጸለየበት ይኑር የተጫወተበት፣ ግድግዳው አይናገርም።

የሮማ መንግሥት ክርስቲያን ከሆነ በኋላ ግን አራት ማዕዘኑ ፈጽሞ ሌላ ሕይወት ጀመረ። አንደኛ ተገለበጠ፦ ከሮታስ ይልቅ ሳቶር፣ ዘሪው፣ ከላይ ወጣ። ሁለተኛ፣ ቃላቱ ስሞች ሆኑ። በትንሿ እስያ በቀጰዶቅያ፣ ከዓለት በተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት የልደት ሥዕሎች ውስጥ ሳቶር፣ አሬፖን እና ቴኔቶን የሚባሉ ሰዎች ይታያሉ፤ በቤተልሔም ሕፃኑን ለማየት የመጡት እረኞች ናቸው። የላቲንን ቋንቋ የማያውቅ ሠዓሊ የተቀበላቸው ቃላት ቅዱስ መሆናቸውን እንጂ ትርጉማቸውን አያውቅም። ቅዱስ ሆኖ ትርጉሙ ያልታወቀ ቃል ደግሞ ስም ለመሆን የቀረበ ነው።

በኑብያ በኩል የተገኘው ምስክር ለእኛ የበለጠ ይቀርባል። ፋራስ በምትባለው ከተማ አቅራቢያ ቴዎፍሎስ የሚባል መነኩሴ በዋሻ በዓቱ ይኖር ነበር። ግድግዳውን በኖራ አስነጭቶ በቅብጥኛ ጽሑፍ ሞላው፤ ዓመቱንም ስለጻፈ 738 ዓ.ም. እንደሆነ እናውቃለን። ከጻፋቸው መካከል ክርስቶስ ለንጉሥ አብጋር ላከው የሚባለው ደብዳቤና የኤፌሶን ሰባቱ ደቂቅ ስሞች ይገኛሉ። የሳቶር ቃላትም ከነዚሁ ጋር ተጽፈዋል። መነኩሴው የመረጣቸው ጽሑፎች ሁሉ አንድ ጠባይ አላቸው፦ ጠላትን ከደጅ ይመልሳሉ ተብለው የሚታመኑ ናቸው። ቃላቱ ከቃል ጨዋታ ወጥተው የበዓት ጠባቂ ሆነዋል።

ከዚያም ወደ ኢትዮጵያ። ቤተ ክርስቲያናችን ከእስክንድርያ መንበር ጋር በነበራት ረጅም ግንኙነት ብዙ መጻሕፍት በግብጽ በኩል እንደገቡ የታወቀ ነው፤ እነዚህ ቃላትም በዚያው መንገድ መጥተዋል ብሎ ማሰብ አያስቸግርም። በግብጻውያን አንደበት «ት» እና «ድ» ይቀያየራሉና ሳቶር ሳዶር፣ ሮታስ ሮዳስ ሆነ። ቴኔት ዳናት፣ ኦፔራ አዴራ ተባለ። መጀመሪያውኑ ትርጉም ያልነበረው አሬፖ ከሁሉም ይልቅ ተለውጦ አላዶር ሆኗል። ሳዶር፣ አላዶር፣ ዳናት፣ አዴራ፣ ሮዳስ፦ አምስቱ ቅንዋተ መስቀል፣ ጌታ የተቸነከረባቸው አምስቱ ችንካሮች። በተለመደው ትምህርት ሳዶር የቀኝ እጁ፣ አላዶር የግራ እጁ፣ ዳናት የሁለት እግሮቹ፣ አዴራ የመሐል ልቡ፣ ሮዳስ የደረቱ ነው። ሕማማተ መስቀል በሚታሰብበት በስቅለት ዕለት ምእመናን እነዚህን ስሞች በቃላቸው ይጠራሉ። ጀርመናዊው ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ፣ ግዕዝን ከመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ የተማረው፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን እነዚህን ስሞች ለአውሮፓ አንባቢ መዝግቧል።

እዚህ ላይ የሆነውን ነገር በቅርብ ማየት ያስፈልጋል። የላቲን ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን ለየብቻ ይጽፋል፤ ግዕዝ ግን ሁለቱን በአንድ ፊደል ያጣምራል። ሳዶር ሦስት ፊደል ነው። ከኋላ ብናነበው «ርዶሳ» እንጂ ሮዳስ አይመጣም። አላዶርና አዴራ ደግሞ በፊደል ብዛት እንኳ አይተካከሉም። አራት ማዕዘኑ በግዕዝ ሊቆም አይችልም፤ መስቀሉም፣ መሐል ላይ የቆመችው «ን»ም አብረው ጠፉ። የተረፈው አምስትነት ብቻ ነው። ያ አምስት ግን ጌታ በመስቀል ላይ ከተቀበላቸው አምስት ቁስሎች ጋር ተገናኘና ቃላቱ አዲስ ማደሪያ አገኙ። በሌላው ዓለም ቅርጹ ቃላቱን ተሸክሞ ሲሻገር፣ እኛ ዘንድ የተሸከማቸው ቁጥሩ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ይኸው ነው።

ቅንዋቱ ከጸሎት መጽሐፍ አልፈው ወደ ክታብ ገቡ። ክታብ የሚጽፈው ደብተራ ከፍየል ወይም ከበግ ቆዳ በተዘጋጀ ብራና ላይ በጥቁር ቀለም ይጽፋል፤ ቅዱሳት ስሞችንና የባለቤቱን የክርስትና ስም በቀይ ያሰፍራል። ብዙ ጊዜ ብራናው በባለቤቱ ቁመት ልክ ይሆናል፤ ከእግር እስከ ራስ ድረስ እንዲጠብቀው ነው። በጽሑፉ መካከል ዓይናቸው የፈጠጠ ፊቶች፣ ሰይፍ የያዙ መላእክት፣ በመስመር የተጠላለፉ ማዕዘኖች ይሳላሉ። ከዚያ ተጠቅልሎ በቆዳ ማኅደር ይሰፋና አንገት ላይ ይታሰራል። ዓይነ ጥላ፣ ቡዳ፣ ሾተላይ፣ ደም የሚፈሳት ሴት ሕመም፣ ለእያንዳንዱ የራሱ ጸሎት አለው። ጠቢባኑ እንደሚሉት መንፈስ ስሙን ወይም ከእርሱ የሚበልጠውን ስም ሲሰማ ይታሰራል። የችንካር ስም ደግሞ ራሱ የሚቸነክር ነውና ክፉውን መንፈስ ባለበት ያስቀረዋል። ቤተ ክርስቲያን ጸሎተ ቅንዋቱን ስታከብር የጥንቆላውን መንገድ ትነቅፋለች፤ ሁለቱን የሚለያቸው ድንበር ግን በአንዲት እናት አንገት ላይ ባለ ክታብ ውስጥ ሁልጊዜ በግልጽ አይታይም።

በምዕራብ አውሮፓ ቅርጹ ስላልጠፋ ሥራውም ሌላ ሆነ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በፈረንሳይ ሊዮን ከተማ ከአእምሮ ሕመም ዳነ ስለተባለ ሰው የተጻፈ አለ፦ አራት ማዕዘኑ የተጻፈባቸውን ሦስት የዳቦ ቅርፊቶች በልቶ፣ አምስቱን ቁስሎችና አምስቱን ችንካሮች እያሰበ አባታችን ሆይን አምስት ጊዜ ደግሟል። አምስቱ ቅንዋት በሩቅ ምዕራብም ከዚሁ ጽሑፍ ጋር መገናኘታቸው ልብ ይሏል። በጀርመን አገር ደግሞ ቃጠሎ ሲነሳ ጽሑፉ ያለበትን የእንጨት ሳህን እሳቱ ውስጥ ይወረውሩ ነበር። ወደ አሜሪካ የሄዱ ጀርመናውያን ልማዱን ይዘው ሄዱ። ጆን ጆርጅ ሆማን በ1820 በፔንስልቬንያ ባሳተመው የመድኃኒትና የጸሎት መጽሐፍ እሳትን ያለ ውኃ ለማጥፋት ቃላቱ በሳህኑ ግራና ቀኝ ገጽ ተጽፈው እሳቱ ውስጥ እንዲጣሉ ያዛል፤ ከብትን ከመተት ለመጠበቅም ጽሑፉ ከመኖው ጋር እንዲሰጥ ይመክራል። ከየትም ቢነበብ አለመለወጡ ነበር የኃይሉ ምንጭ፦ መግቢያና መውጫ የሌለውን ነገር እሳትም ጋኔንም አያፈርሰውም ብለው ያምኑ ነበር።

በ1868 የሳይረንሰስተሩ ልስን ከመሬት ሲወጣ የሊቃውንቱ ዘመን ተጀመረ። ትልቁ ግኝት የመጣው በ1926 ነው። ጀርመናዊው ፊሊክስ ግሮሰር ሃያ አምስቱን ፊደላት በትኖ እንደገና ሰበሰባቸው። ፓተር ኖስተር፣ ማለትም «አባታችን»፣ በላቲን አስራ አንድ ፊደል ነው። አንዱን በቁም ሌላውን በአግድም ጽፎ መሐል ላይ በ«ን» አጋጠማቸው፤ «ን» አንዲት ብቻ መሆኗ ለዚህ ተመቸ። ሃያ አንድ ፊደል ሄደ። የቀሩት አራት፣ ሁለት «አ» እና ሁለት «ኦ» ናቸው። በመስቀሉ አራት ጫፎች ሲያስቀምጣቸው አልፋና ዖሜጋ ሆኑ፤ ፊተኛውና ኋለኛው። አንድም ፊደል አልተረፈም፣ አንድም አልጎደለም። ይህን ወረቀት ላይ ሠርቶ ያየ ሰው ልቡ መመታቱ አይቀርም። በስደት ዘመን የነበሩ ክርስቲያኖች እርስ በርስ የሚተዋወቁበት ምሥጢር ነው ተባለ፣ ለአስር ዓመትም ያህል ብዙዎች አመኑት።

በ1936 ማቴዎ ዴላ ኮርቴ የፖምፔውን ዓምድ አገኘ። አንድ ስብርባሪ በ1925 በሌላ ቤት ተገኝቶ ነበር፤ ይህኛው ግን ሙሉ ነው። አሁን ጥያቄው ከባድ ሆነ። ጽሑፉ ከ79 ዓ.ም. በፊት ከሆነ አልፋና ዖሜጋ ከየት መጣ? ዮሐንስ ራእዩን የጻፈው ብዙ ሊቃውንት እንደሚሉት በ95 ዓ.ም. አካባቢ ነው። የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች በሮም ከተማ እንኳ የሚጸልዩት በግሪክኛ እንጂ በላቲን አልነበረም፤ መስቀልም ገና የአደባባይ ምልክት አልሆነም። ፈረንሳዊው ዤሮም ካርኮፒኖ መልስ ለማግኘት ብዙ ደከመ፤ ከአመዱ በኋላ ፍርስራሹን ሲቆፍሩ የገቡ ሰዎች ጽፈውት ይሆናል እስከማለት ደረሰ። ይህ ግን አንድን ግምት ለማዳን ሌላ ግምት መደገፍ ነው።

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ችግር አለ፣ ማንም በእጁ ሊፈትነው ይችላል። እነዚያኑ ሃያ አምስት ፊደላት ይዘው ሌሎች ሰዎች ሌላ ዓረፍተ ነገር ሠሩ። አንዱ «አባት ሆይ እለምንሃለሁ፣ አባት ሆይ እለምንሃለሁ፣ ትፈውሳለህ» የሚል ጥሩ ላቲን ነው። ሌላው ግን «ሰይጣን ሆይ እለምንሃለሁ፣ ከአንተ ስለ ጥበብ ተስፋ አደርጋለሁ» ይላል። ይህም እንዲሁ አንድ ፊደል ሳይተርፍ፣ አንድ ሳይጎድል። ፊደላቱ በላቲን የተለመዱ ናቸው፤ አራት «አ»፣ አራት «ኤ»፣ አራት «ኦ»፣ አራት «ር»፣ አራት «ት» ያለበት ክምችት ብዙ ነገር ያናግራል። አባታችንም ሰይጣንም ከአንድ ክምችት የሚወጡ ከሆነ፣ የወጣው ነገር ሠሪው ያስቀመጠው መሆኑን በምን እናውቃለን? የግሮሰር መስቀል ከሁሉ የሚያምር መሆኑን አልክድም። ውበቱ ግን ለዘመኑ ጥያቄ መልስ አይሆንም።

በቁጥር የሄዱትም ከዚሁ ገደል ደረሱ። ዋልተር ሞለር በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ አራት ማዕዘኑ የሚትራ አምላኪዎች ነው ብሎ በፊደላቱ የቁጥር ዋጋ ሊያስረዳ ሞከረ። ስሌቱ ምን ያህል እንደሚላላ በአንድ ቃል እንየው። ሳቶርን በግሪክኛ ፊደል ብንጽፈው ስ 200፣ አ 1፣ ት 300፣ ር 100 ነው። «ኦ» ግን በግሪክኛ ሁለት ናት፦ አጭሯ 70፣ ረጅሟ 800። በአጭሯ ድምሩ 671፣ በረጅሟ 1401 ይመጣል። በአምስቱ ቃላት ውስጥ አራት «ኦ» አሉ፤ አስሊው በእያንዳንዷ ላይ መምረጥ ይችላል። የሚፈልገውን ቁጥር ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ወደዚያ የሚወስደውን ምርጫ ሳያስበው ያደርገዋል። በተቃራኒው ዱንካን ፊሽዊክ በ1964 በኢጣልያ የነበሩ ላቲን ተናጋሪ አይሁድ ሠሩት ብሎ ነበር። ሚትራ፣ አይሁድ፣ ክርስቲያን፣ ሁሉም ከዚያው ከአንድ ዓምድ ላይ ነው ያነበበው።

በ1978 በማንቸስተር አንድ የገንቦ ስብርባሪ ወጣ፤ 185 ዓ.ም. ገደማ የሆነ፣ የጽሑፉ ቁራጭ ያለበት። የግሮሰር ቁልፍ እውነት ከሆነ በብሪታንያ ከተገኙት የክርስትና ምስክሮች ከቀደምቶቹ አንዱ ነው፤ ካልሆነ አንድ ሮማዊ ገንቦ ላይ የተጫወተው ጨዋታ ነው። ክርክሩን ሊፈታ የሚችለው አንድ ነገር አለ፦ ከ79 ዓ.ም. በፊት የሆነ፣ ከጎኑ ምንም የማያሻማ የክርስቲያን ምልክት ያለበት ጽሑፍ። እስካሁን አልተገኘም። ስለዚህ ብዙዎቹ የዘመኑ ተመራማሪዎች፣ እኔም ከነርሱ ጋር፣ ጅምሩን በፖምፔ ግድግዳዎች ላይ ካሉት ሌሎች የፊደል ጨዋታዎች ጋር ይመድቡታል። ክርስቲያኖች ያነሱት ቆይተው ነው።

የኢትዮጵያው ሳዶር በዚህ ክርክር አይነካም። በግዕዝ ፊደላቱ ስለተለወጡ ከሳዶር፣ አላዶር፣ ዳናት፣ አዴራ፣ ሮዳስ ፓተር ኖስተርን ማውጣት አይቻልም፤ በስቅለት ዕለት ቅንዋቱን የሚጠራ ምእመንም ከስሞቹ ውስጥ የተሸሸገ ዓረፍተ ነገር አይፈልግም። የሚቆጥረው አምስቱን ቁስሎች ነው፤ ቁጥራቸውንም ያገኘው ከሕማማቱ ትምህርት እንጂ ከፖምፔ ዓምድ አይደለም።